ሦስት ሲኒና አንድ የቡና ፍሬ

ትናንት ማታ ቡናው ካለቀ በኋላ ሦስት ሲኒ ረከቦቱ ላይ ደፋሁና ከአንዱ ሥር ጥሬ የቡና ፍሬ ደበቅሁ። እህቴ አየት አድርጋኝ "ደግሞ ምን ጀመረህ?" አለች። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የሰነበተ እንቆቅልሽ ነበረኝ።

እንቆቅልሹ የተያያዘው ሞንቲ ሆል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያቀርበው ከነበረ የቴሌቪዥን ጨዋታ ጋር ነው። ሦስት የተዘጉ በሮች አሉ። ከአንዱ ጀርባ መኪና፣ ከሁለቱ ጀርባ ፍየል አለ። (በዓል ሲደርስ ከሆነ ፍየሏም አትናቅም።) አንዱን በር ትመርጣለህ፤ ግን ወዲያው አይከፈትልህም። መኪናው የት እንዳለ የሚያውቀው አቅራቢ ከቀሩት ሁለት በሮች ፍየል ያለበትን ይከፍትና "በመረጥከው ትጸናለህ ወይስ ትቀይራለህ?" ይልሃል።

መልሱ ቀይር ነው። ከጸናህ የማሸነፍ ዕድልህ ከ3 አንድ፣ ከቀየርክ ከ3 ሁለት። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሁለት በር ቀርቷል፣ መኪናው ከአንዱ ጀርባ ነው፣ ታዲያ እኩል አይደለም? እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የምትባል ዓምደኛ ፓሬድ በሚባል የአሜሪካ መጽሔት ላይ "ቀይሩ" ብላ ስትጽፍ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ደብዳቤ ጎረፈላት። አብዛኛው "ተሳስተሻል" የሚል ነበር። ከጻፉላት ውስጥ ወደ 1 ሺህ የሚሆኑት ባለ ዶክትሬት ነበሩ። ትልቁ የሒሳብ ሊቅ ፖል ኤርዶሽ እንኳ ኮምፒዩተር ጨዋታውን ደጋግሞ ሲጫወት እስኪያይ ድረስ አላመነም። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

እኔ ደባቂ፣ እህቴ መራጭ ሆነን ጀመርን። ሁልጊዜ እንድትቀይር ተስማማን። ከ30 ጨዋታ 19 ጊዜ ፍሬውን አገኘችው። እኔን ያሳመነኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን የራሴ እጅ ነው።

መጀመሪያ የነካችው ባዶ ሲኒ ከሆነ እኔ ጋ የሚቀሩት አንድ ፍሬ ያለበትና አንድ ባዶ ናቸው። ፍሬውን ማሳየት አልችልም። ስለዚህ ምርጫ የለኝም፤ ባዶውን አነሳለሁ። ሳላነሳ የተውኩት ፍሬ ያለበት ነው። በሌላ አነጋገር ፍሬው የት እንዳለ ራሴው እየነገርኳት ነው። ምርጫ የሚኖረኝ ገና ከመጀመሪያው ፍሬውን ከነካች ብቻ ነው፤ ያኔ የፈለግኩትን ባዶ ባነሳ ለውጥ የለውም። እሷ ደግሞ መጀመሪያ ባዶ የምትነካው ከሦስት ሁለት ጊዜ ነው። አለቀ። መራጭ ሆኜ ሳስበው አንድ ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ደባቂ ስሆን አምስት ደቂቃ አልወሰደም።

ከዚያ እህቴ "እኔም ሳላውቅ ላንሳ" አለች። እማዬ ደበቀች፣ እኔ መረጥኩ፣ እህቴ ከቀሩት ሁለት አንዱን በግምት አነሳች። ከ30 ጨዋታ 9 ጊዜ ፍሬው ራሱ ብቅ አለና ጨዋታው ተበላሸ። በቀሩት 21 ላይ ቀይሬ ያሸነፍኩት 11 ጊዜ ነው። እኩል በሉት። ሒሳቡም ይኸው ነው። ከ30 ውስጥ 10 ጊዜ ያህል ትክክለኛውን እመርጣለሁ። በቀሩት 20 እሷ ግማሹን ፍሬውን ታጋልጠዋለች፣ ግማሹን ባዶ ታነሳለች። የተጋለጠውን ስንጥለው አስር በአስር ይቀራል። ለዓይን ያው ነው፦ አንድ ባዶ ሲኒ ተነስቶ ሁለት ቀርቷል። ልዩነቱ ያነሳችው ሰው ማወቅ አለማወቋ ላይ ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የቀሩትን በሮች ስቆጥር አቅራቢውን ረስቼው ነበር።

ሞንቲ ሆል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ሌላ ቀዳዳ አሳይቶት ነበር። አቅራቢው ሁልጊዜ በር የመክፈት ግዴታ ከሌለበት፣ "ትቀይራለህ?" የሚለውን ትክክለኛውን ለመረጠ ሰው ብቻ ሊያቀርብ ይችላል። ያኔ የሚቀይር ሁሉ ፍየል ይዞ ይሄዳል።

ይህቺን ተንኮል ሳልናገር እህቴ ላይ ሞከርኳት። ባዶ ስትነካ ወዲያው ገልጬ "ተበላሽ" እላለሁ፤ ፍሬውን ስትነካ ብቻ እንድትቀይር እጠይቃታለሁ። አራት ጊዜ አከታትላ ተሸነፈች። በአምስተኛው እጇን ሲኒው ላይ እንዳደረገች ዓይን ዓይኔን እያየች "አልቀይርም" አለች። ፍሬው እዚያው ነበር።