የዞኖችን ፐርሰንት ደምሮ ለአምስት ማካፈል፦ 17 ሺህ ሕፃናት ከክልል ሪፖርት የሚጠፉበት መንገድ

የክልል የክትባት ሪፖርት ሳጠናቅር ከዞን የሚደርሰኝ ብዙ ጊዜ አንድ ፐርሰንት ነው፤ «የፔንታ 3 ሽፋናችን 65 በመቶ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ፔንታ 3 የፔንታቫለንት ክትባት ሦስተኛ ዙር ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ፐርሰንቶችን ደምሮ ለአምስት ማካፈል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤክሴልም አይቃወምም። የሚወጣው ቁጥር ግን የክልሉ ሽፋን አይደለም። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ ያዘጋጀኋቸው እንጂ የየትኛውም ክልል አይደሉም፤ የመጠን ልዩነቱ ግን ገጠር ዞንና ከተማ አስተዳደር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲቀመጡ የሚታየው ዓይነት ነው።

| | ዒላማ (ሕፃናት) | ፔንታ 3 የወሰዱ | ሽፋን |
|---|---|---|---|
| ዞን ሀ | 60,000 | 39,000 | 65% |
| ዞን ለ | 48,000 | 33,600 | 70% |
| ዞን ሐ | 30,000 | 22,500 | 75% |
| ከተማ መ | 4,000 | 3,920 | 98% |
| ከተማ ሠ | 2,000 | 2,040 | 102% |

የአምስቱ ፐርሰንት አማካይ 82 በመቶ ነው። የተከተቡትን ሁሉ ደምሮ ለዒላማው ድምር ሲያካፍሉት ደግሞ 101,060 ለ144,000፣ ማለትም 70.2 በመቶ ይመጣል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሁለቱ ከተሞች ከክልሉ ሕፃናት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይዘዋል፤ በተራው አማካይ ውስጥ ግን ከአምስት ድምፅ ሁለቱ የእነሱ ነው። የከተማ ሠ 2,000 ሕፃናት ከዞን ሀ 60,000 ሕፃናት ጋር እኩል ተመዘኑ ማለት ነው።

ልዩነቱን በፐርሰንት ብቻ ካየነው ቀላል ይመስላል። ወደ ሕፃናት ስንመልሰው ግን 82 በመቶ ያልተከተቡት 25,920 ናቸው ይላል፤ እውነተኛው ቁጥር 42,940 ነው። የማካካሻ ክትባት ዕቅድ በመጀመሪያው ቁጥር ከተሠራ 17,020 ሕፃናት ከዕቅዱ ውጭ ቀሩ።

ስህተቱ በዓይን አይያዝም፤ 82 በትንሹና በትልቁ ፐርሰንት መካከል ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። እኔ የምይዘው መልሼ በማባዛት ነው። የክልሉን ፐርሰንት በጠቅላላ ዒላማው አባዛና ውጤቱን እዚያው ሪፖርት ላይ ካለው የተከተቡ ድምር ጋር አስተያያለሁ። 82 በመቶ ከ144,000 ላይ 118,080 ነው፤ ሠንጠረዡ ግን 101,060 ይላል። ቁጥሮቹ ካልተገናኙ አንድ ቦታ ላይ የአማካይ አማካይ ተወስዷል።

ሌላው ምልክት ዞን ሲከፈል ይታያል። ዞን ሀ ነገ ለሁለት ቢከፈልና ሁለቱም 65 በመቶ ላይ ቢሆኑ፣ ተራው አማካይ ከ82 ወደ 79.2 ይወርዳል። አንድም ሕፃን አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ የተቀየረው የአስተዳደር ወሰን ብቻ ነው። የድምር ስሌቱ 70.2 ላይ ይቆያል።

ኤክሴል ላይ ዒላማው በB፣ የተከተቡት በC፣ ሽፋኑ በD ቢሆን፦

```
=AVERAGE(D2:D6)                         ስህተት
=SUM(C2:C6)/SUM(B2:B6)                  ትክክል
=SUMPRODUCT(B2:B6,D2:D6)/SUM(B2:B6)     ፐርሰንትና ዒላማ ብቻ ሲኖር
```

ሦስተኛውን የምጠቀመው የተከተቡት ቁጥር ካልመጣልኝ ብቻ ነው፤ ፐርሰንቱ የተጠጋጋ ስለሚሆን በትንሹ ይዛባል። ዒላማውም ከሌለ ለዞኑ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ያለ እሱ የክልል ቁጥር አይወጣም። ፒቮት ቴብል ላይም ወጥመዱ ያው ነው፦ የሽፋን ዓምዱን አስገብቶ `Average` መምረጥ የመጀመሪያውን ስህተት ይደግማል። እዚያው `Calculated Field` ከፍቶ የተከተቡትን ለዒላማው ማካፈል ግን ትክክል ይሠራል፤ ፒቮቱ መጀመሪያ ደምሮ ነው የሚያካፍለው።

ክብደቱ ሁልጊዜ የሕዝብ ብዛት ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ክብደቱ የዚያው መጣኔ ታሕት፣ ማለትም አካፋዩ ቁጥር ነው። የማቋረጥ መጣኔን እንውሰድ፦ ፔንታ 1 ከወሰዱት ውስጥ ፔንታ 3 ሳይወስዱ የቀሩት። ዞን ሀ 48,750 ሕፃናት ፔንታ 1 ቢወስዱ 9,750 አቋርጠዋል፣ 20 በመቶ። ከተማ መ 4,000 ቢወስዱ 80 አቋርጠዋል፣ 2 በመቶ። ተራው አማካይ 11 ነው። በዒላማው ብንመዝነው 18.9፣ ትክክለኛው ግን 9,830 ለ52,750፣ ማለትም 18.6 ነው። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ሆነ፤ ብዙ ሕፃናት ፔንታ 1ን እንኳ በማያገኙበት አካባቢ ግን ይሰፋል።

የከተማ ሠ 102 በመቶ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የተለመደው መፍትሔ 100 ላይ ቆርጦ አማካይ መውሰድ ነው፤ 82 የነበረው 81.6 ይሆናል፣ ሰውም ያስተካከለ ይመስለዋል። ግን ከ100 በላይ የሚወጣው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ነው የሚመጣው። አንደኛው ዒላማው ራሱ ነው፤ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በትንበያ የተገኘ ስለሆነ ፈጥኖ ያደገን ከተማ ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለተኛው የእናቶች መንገድ ነው። ከአጎራባች ቀበሌ ልጇን አዝላ የከተማው ጤና ጣቢያ የምታስከትብ እናት ልጇ በከተማው ላዕል፣ ማለትም በተከተቡት ቁጥር ይቆጠራል፤ በዒላማ ግን የገጠሩ ዞን ታሕት ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የከተማው ሽፋን ያብጣል፣ የዞኑ ይወርዳል። በክልል ደረጃ ላዕልና ታሕት ሲደመሩ ይህ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሕፃኑም ዒላማውም ክልሉ ውስጥ ናቸው። 100 ላይ ስንቆርጥ ግን በእርግጥ የተከተቡ 40 ሕፃናትን እንሰርዛለን። ስለዚህ 102ቱን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ከሥሩ ማስታወሻ እጽፍበታለሁ እንጂ አልነካውም።

ተራው አማካይ ፈጽሞ አይፈለግም ማለት አይደለም። ጥያቄው ስለ ሕፃናት ሳይሆን ስለ ጽሕፈት ቤቶቹ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ዞን በአማካይ እንዴት እየሠራ ነው ከተባለ፣ እሱ ነው መልሱ። «የዞኖች አማካይ» ተብሎ ይጻፍ፤ «የክልሉ ሽፋን» ከተባለ ግን ሐሰት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ያልደረሰ ሪፖርት ነው። የዞን ለ የተከተቡት ቁጥር አልመጣም እንበል። `AVERAGE` ባዶ ሴልን ዝም ብሎ ስለሚዘል 85 ያወጣል፤ አንድ ሰው እዚያ ላይ ዜሮ ከጻፈበት ደግሞ 68። የድምር ስሌቱም ከዚህ ነፃ አይደለም፦ የዞኑ 48,000 ዒላማ ታሕት ላይ እንዳለ ከቆየ 46.8 በመቶ ይወጣል፤ ያልተላከ ሪፖርት እንዳልተከተበ ሕፃን ተቆጠረ ማለት ነው። እኔ የዞኑን ዒላማም ከታሕት አብሬ አወጣና 67,460 ለ96,000፣ 70.3 በመቶ ብዬ እጽፋለሁ። አጠገቡም በቅንፍ «የ4 ዞንና ከተማ አስተዳደሮች፤ ከ144,000 ዒላማ 96,000 ብቻ የተካተተበት» የሚል አለ፤ የዞን ለ ሪፖርት ሲገባ ቁጥሩም ቅንፉም አብረው ይቀየራሉ።