አምስቱ የውስጥ ቁጥጥር ክፍሎች በአንድ የግዢ ዑደት ላይ፦ ስጋትን የምመዝንበት መንገድ

የቁጥጥር ከባቢ፣ የስጋት ግምገማ፣ የቁጥጥር ተግባራት፣ መረጃና ኮሙኒኬሽን፣ ክትትል። ኮሶ የተባለው የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1992 አውጥቶ በ2013 በ17 መርሆዎች ያደሰውን ይህን ዝርዝር ኦዲት የተማረ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 315ም ኦዲተሩ አምስቱንም እንዲረዳ ያዛል። ብዙ የኦዲት ፋይል ሲከፈት ግን አምስቱ ክፍሎች «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ምልክት የተደረገባቸው አምስት ቅጾች ሆነው ይገኛሉ፤ ከቅጾቹ ቀጥሎ ያለው የሂሳብ ፍተሻ ደግሞ ካለፈው ዓመት እንዳለ የተቀዳ ነው። ቅጹ የናሙናውን ብዛት፣ የፍተሻውን ጊዜ ወይም አቅጣጫ ካልለወጠ ባይሞላም ያው ነበር።

የምሠራበትን መንገድ በአንድ ዑደት ላይ ላሳይ። ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው እንበል። ከአገር ውስጥ አቅራቢዎች በዱቤ ይገዛል፣ ሂሳቡን በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ይይዛል፣ በጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ይዘጋል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ሁኔታው ግን እንዲህ ባለ ድርጅት ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። ለጠቅላላ ሂሳቡ የጉልህነት ልክ፣ ማለትም ስህተት ከእሱ ካለፈ የሂሳቡን ተጠቃሚ ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል የምለው መጠን፣ 3 ሚሊዮን ብር፣ ለፍተሻ የምጠቀምበት ዝቅ ያለው ልክ ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ብር ይሁን።

ሥራውን ከቁጥጥር ተግባራት አልጀምርም። የቁጥጥር ከባቢ፣ የድርጅቱ የራሱ የስጋት ግምገማና ክትትል በአብዛኛው አንድን የተወሰነ ስህተት በቀጥታ አይይዙም። የእነሱ ጥቅም ሌሎቹን ሁለቱን፣ ማለትም የመረጃ ሥርዓቱንና የቁጥጥር ተግባራቱን፣ ምን ያህል ማመን እንደሚቻል መንገራቸው ነው። ስለዚህ ቀድሜ እነሱን አያለሁ።

ለከባቢው የሥነ ምግባር ደንብ ተጽፏል ወይ ብዬ ከመጠየቅ የቼክ ጉርዶቹን ማየት ይሻለኛል። በባንክ የተመዘገቡት ፈራሚዎች ሁለት ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው። ሥራ አስኪያጁ ከአገር ውጭ በነበሩባቸው ቀናት የወጡ ቼኮች የእሳቸው ፊርማ ካለባቸው ባዶ ቼክ ፈርመው ትተው ሄደዋል ማለት ነው። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ የጉዞ ወጪ ሰነዱን ከቼኮቹ ቀን ጋር ማስተያየት ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ጥምር ፊርማ እንደ ቁጥጥር መቆጠሩ ያበቃል፤ የክፍያ ማዘዣ ላይ ያሉ ሌሎች «ጸድቋል» የሚሉ ፊርማዎችም በዚያው መጠን ይረክሳሉ።

የስጋት ግምገማ በዚህ መጠን ባለ ድርጅት የተጻፈ ሰነድ የለውም፤ ስታንዳርዱም ሰነድ የግድ ነው አይልም። ሥራ አስኪያጁን «በዚህ ዓመት ሂሳቡ ላይ የት ጋ ስህተት ሊኖር ይችላል ብለው ያስባሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ስለ ብረት ዋጋና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ የንግድ ስጋት ነው። ዕቃው ገብቶ የአቅራቢው ደረሰኝ ሳይመጣ ዓመቱ ቢዘጋ ምን ይሆናል የሚለውን ግን ማንም አስቦበት አያውቅም። አለማሰባቸው ራሱ መረጃ ነው፤ ያልታየ ስጋት ላይ ቁጥጥር የተዘረጋበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

በክትትል በኩል ድርጅቱ አንድ የውስጥ ኦዲተር አለው እንበል፤ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ግን ለፋይናንስ ኃላፊው ነው። የሚመረምረው ሰው አለቃው ከሆነ በሥራው ላይ አልደገፍም። የባንክ ማስታረቂያው በየወሩ ይሠራል፤ የአቅራቢዎች ሂሳብ ግን ከአቅራቢዎቹ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አይመሳከርም። ይህን የኋለኛውን አሰምርበታለሁ፤ ወደ ኋላ ላይ ዋጋ አለው።

አሁን ዕቃውን ተከትዬ እሄዳለሁ። አንድ ግዢ እመርጥና ከግዢ መጠየቂያው ጀምሬ እስከ ክፍያው ድረስ በየጠረጴዛው አልፋለሁ። መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሰነዱን ማየትና ሥራው ሲሠራ መመልከት ያስፈልጋል። የመጋዘን ኃላፊው ዕቃ ሲረከብ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ በተለምዶ ጂአርኤን የምንለውን፣ በሦስት ቅጂ ይቆርጣል። አንዱ ለአቅራቢው ይሰጣል፣ አንዱ ከጥራዙ ጋር ይቀራል፣ ሦስተኛው ለሂሳብ ክፍል ነው። ግን መቼ ነው ወደ ሂሳብ ክፍል የሚሄደው? መልሱ «አቅራቢው ደረሰኙን ይዞ ለክፍያ ሲመጣ» ከሆነ የዚህ ዑደት ትልቁ ቀዳዳ እዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ዕዳው ግን ሂሳብ ላይ የለም። ይህ የመረጃና የኮሙኒኬሽን ድክመት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ደንብ አልጣሰም፤ ወረቀቱ ብቻ መጋዘን ቆየ።

ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ጉዳዩ ይከፋል። ቆጣሪዎቹ መጋዘን ያለውን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ያልተመዘገበውም ዕቃ አብሮ ይቆጠራል። ፒችትሪ ላይ ካለው መዝገብ ሲነጻጸር ትርፍ ይወጣል። ሂሳብ ሠራተኛው ትርፉን ለማስተካከል ዕቃውን ሲጨምር የምዝገባው ሌላኛው ጎን የተሸጠውን ዕቃ ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ ዕዳው ያንሳል፣ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ያንሳል፣ ትርፉ ያብጣል፤ ዕቃው ግን ከቆጠራው ጋር ልክ ስለሆነ ቆጠራውን ብቻ ያየ ኦዲተር ረክቶ ይወጣል። ሐምሌ ላይ ደረሰኙ መጥቶ ሲመዘገብ ያው ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ይገባል። በቆጠራ ማስተካከያው ውስጥ ትልልቅ ትርፎች ሳይ ሰነዳቸውን ሳልጠይቅ የማላልፈው ለዚህ ነው።

ከዚህ ግኝት የሚወጣው ስጋት አንድና የተወሰነ ነው፦ ለአቅራቢዎች የሚከፈል ዕዳ ሙሉነት። ድርጅቱ ይህን የሚይዝ ቁጥጥር ስለሌለው የምፈትነው ቁጥጥር የለም። ቁጥጥሩን ካልፈተንኩ ደግሞ የጉልህ ስህተት ስጋቱ ከተፈጥሯዊ ስጋቱ እኩል ይሆናል፤ ለቁጥጥር ብዬ የምቀንሰው የለም። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ዝርዝር ፍተሻ እገባለሁ።

እዚህ ላይ የፍተሻው አቅጣጫ ሁሉ ነገር ነው። ናሙናውን ከግዢ መዝገቡ ከመረጥኩ ያልተመዘገበውን መቼም አላገኘውም፤ መዝገቡ ውስጥ የለማ። የምነሳው ከመጋዘኑ ጥራዝ ነው። ከሰኔ 30 በፊት የመጨረሻውን የጂአርኤን ቁጥር ቆጠራው ዕለት እዚያው እይዛለሁ፣ ከዚያ የሰኔን ጂአርኤኖች ሁሉ በተከታታይ ቁጥር ወደ ፒችትሪ እወስዳለሁ። የተሰረዘ ቁጥር ካለ ዋናውም ቅጂዎቹም ጥራዙ ላይ መኖር አለባቸው። ከዚህ ጎን የሐምሌንና የነሐሴን ክፍያዎች እያየሁ የትኛው ለሰኔ ዕቃ እንደተከፈለ እለያለሁ።

የቀን ነገር ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ጂአርኤኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ፒችትሪ በፈረንጅ ይመዘግባል። ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው፤ ዓመቱን በጁን 30 የሚዘጋ የሚመስለው አዲስ ሠራተኛ የሰባት ቀን ግዢ ወደሚቀጥለው ዓመት ይወረውራል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ቀናት በአንድ ይንሸራተታሉ፤ ሰኔን ግን አይነካውም።

በምሳሌያችን 14 ጂአርኤኖች፣ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ 2.6 ሚሊዮን ብር የሚያወጡ፣ ሳይመዘገቡ ተገኙ እንበል። ከ3 ሚሊዮን በታች ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከፍተሻ ልኩ ይበልጣል፣ ሌላ ያልተገኘ ስህተት ሲጨመርበትም ልኩን ሊያልፍ ይችላል። እንዲታረም እጠይቃለሁ። ለትልልቆቹ አቅራቢዎች የምልከው የማረጋገጫ ደብዳቤም ቀሪ ሂሳቡን ሞልቼ «ትክክል ነው?» የሚል ሳይሆን ቁጥሩን ባዶ ትቶ እነሱ እንዲሞሉት የሚጠይቅ ነው። በመዝገብ ዜሮ ቀሪ ላላቸው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ብዙ ላቀረቡ አቅራቢዎችም እልካለሁ። ዕዳ የሚደበቀው ዜሮው ውስጥ ነው።

የግዢዎቹ እውነተኛነት ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥጥር አለ። የሂሳብ ክፍሉ ከመክፈሉ በፊት የግዢ ትዕዛዙን፣ ጂአርኤኑንና የአቅራቢውን ደረሰኝ ያመሳክራል። ልደገፍበት ካሰብኩ እፈትነዋለሁ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚሠራ ቁጥጥር 25 ክፍያ ከዓመቱ ሙሉ እመርጣለሁ። 25ቱም ንጹሕ ከሆኑ በ90 በመቶ እርግጠኝነት የመጣስ መጠኑ ከ9 በመቶ አይበልጥም ማለት እችላለሁ። አንድ ብቻ ከተጣሰ ጣሪያው ወደ 15 በመቶ ገደማ ይዘላል። «ከ25 አንድ ምንም አይደለም» የሚለው አባባል ለዚህ ነው የማይሠራው።

ሦስቱ ሰነዶች ተጣብቀው፣ ሦስቱም ተፈርመው ይገኛሉ፤ ፊርማ አልቆጥርም፣ ቀን አስተያያለሁ። ትዕዛዙ ጥር 14፣ ጂአርኤኑ ጥር 9 ከሆነ ትዕዛዙ ዕቃው ከገባ በኋላ ለፋይል ማሟያ ተጽፏል። ሦስቱ ፕሮፎርማዎችም በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ወይም በአንድ ቀን ተዘጋጅተው ከሆነ ውድድሩ የወረቀት ነው። ይህ እንደ ጥሰት ይመዘገባል። ምክንያቱን ሳላውቅ ናሙናውን ወደ 40 ማሳደግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ግዢ ሠራተኛው በስልክ አዝዞ በኋላ የሚያስፈርም ከሆነ ቀሪዎቹም እንደዚያው ናቸው። መደገፉን ትቼ ዝርዝር ፍተሻውን እጨምራለሁ።

በፒችትሪ ላይ ደግሞ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር አያለሁ። ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ሠራተኛው በአንድ የይለፍ ቃል ከገቡ ማን ምን እንደመዘገበ የሚያሳየው ሪፖርት ዋጋ የለውም። ግዢ ሠራተኛው አዲስ አቅራቢ መክፈት ከቻለ የአቅራቢዎቹን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ከሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር ጋር አመሳክራለሁ። ይህን በናሙና አልሠራውም፤ በኤክሴል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል።

በመጨረሻ ግኝቶቹን ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ ጉልህ የሆኑትን ደግሞ ለማኅበሩ የበላይ አካል፣ በስታንዳርድ 265 መሠረት። «የውስጥ ቁጥጥሩ ደካማ ነው» ብዬ አልጽፍም። የምጽፈው ይህን ነው፦ ጂአርኤን በተቆረጠበት ቀን ቅጂው ወደ ሂሳብ ክፍል አይደርስም፤ በዚህ ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ብር ዕዳ ሳይመዘገብ ቀርቷል፤ የመጋዘን ኃላፊው በየሳምንቱ ዓርብ የተከታታይ ቁጥር ዝርዝር አስፈርሞ ያስረክብ፣ ሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ያልመጣላቸውን በወር መጨረሻ በግምት ዋጋ ይመዝግብ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ሥራዬ እነዚያን የዓርብ ዝርዝሮች መጠየቅ ነው።