ፕሮጀክት ማናጀሩ የት ሄደ?

ወረቀቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ በቀኝ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «6/20» ተጽፎበት ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ የሶፍትዌር ፕሮጀክት አስተዳደር አስተምራለሁ፤ ቀን ደግሞ ካዛንቺስ በሚገኝ ድርጅት በዴቨሎፐርነት እሠራለሁ። በማጠቃለያ ፈተናችን የድርሰት ጥያቄ ሁለት መምህራን በየግላቸው ያርሙና ውጤቱ የሁለቱ አማካይ ይሆናል። የመጀመሪያው አራሚ በዕድሜም በልምድም ከእኔ እጅግ የሚበልጡ፣ ለብዙ ዓመታት ትልልቅ ፕሮጀክቶችን የመሩ ሰው ናቸው።

ጥያቄው የስክረምን ሚናዎች፣ ሁነቶችና አርቲፋክቶች ከተለመደው የዋተርፎል አሠራር ሚናዎች ጋር አነጻጽሩ የሚል ነበር። ስክረም ሶፍትዌርን ስፕሪንት በሚባሉ አጫጭር ዙሮች እየከፋፈሉ መሥሪያ ዘዴ ነው፤ አርቲፋክቶች የሚላቸውም የሥራ ዝርዝሮቹንና የሥራውን ውጤት ነው። በዋተርፎል ግን ፍላጎቱ አስቀድሞ ተጽፎ ይፈረምበትና ሥራው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእርማት መመሪያው ግን ከትምህርት ክፍሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ 10 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ለያንዳንዱ ረድፍ 2 ነጥብ ይሰጣል። ስክረም ማስተር ከፕሮጀክት ማናጀር፣ ፕሮዳክት ኦውነር ከቢዝነስ አናሊስት፣ ፕሮዳክት ባክሎግ የሚባለው በቅደም ተከተል የተደረደረ የሥራ ዝርዝር ከፍላጎት ሰነድ፣ ስፕሪንት ሪቪው ከደንበኛ መረከቢያ ፍተሻ ጋር እያለ ይቀጥላል። እኔም ሳልመረምረው ፈርሜበት ነበር። በኋላ ረጋ ብዬ ሳየው ስፕሪንት ባክሎግ፣ የአንዱ ስፕሪንት የሥራ ዕቅድ፣ ከሰንጠረዡ ጨርሶ መቅረቱን አስተዋልሁ። የቀረው አቻ ስላልተገኘለት ይመስለኛል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው አቅደው በየቀኑ ራሳቸው የሚያስተካክሉት ዕቅድ በዋተርፎል አሠራር ውስጥ ባለቤት የለውም።

ተማሪዋ ቀን ቀን በአንድ የገንዘብ ተቋም የሶፍትዌር ቴስተር ሆና ትሠራለች። በጻፈችው ሦስት ገጽ ውስጥ አንድም ሰንጠረዥ የለም። ያደረገችው ነገር አንድ የለውጥ ጥያቄ ወስዳ በሁለቱም አሠራሮች ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ መከተል ነበር፦ ከስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ ሥርዓት እየተሠራ ሳለ፣ ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ፣ አንድ ደንበኛ በቀን ሊያስተላልፍ የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ ይቀየር የሚል ትዕዛዝ መጣ።

በዋተርፎል፣ ትዕዛዙን ያመጣው ክፍል የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ቢዝነስ አናሊስቱ በተፈረመው የፍላጎት ሰነድ ውስጥ የትኞቹ አንቀጾች እንደሚነኩ ያወጣል፤ ዲዛይነሩና የፍተሻ ኃላፊው በየበኩላቸው ምን ያህል ሥራ እንደሚጨምር ይገምታሉ፤ ፕሮጀክት ማናጀሩ ያንን ወደ ገንዘብና ወደ ቀን ቀይሮ ለለውጥ ኮሚቴው ያቀርባል። ኮሚቴው ሲያጸድቅ ሰነዱ አዲስ የእትም ቁጥር ያገኛል። ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነገሩን የሚሰማው በመጨረሻ ነው። ተማሪዋ ይህን ለማጥላላት አልጻፈችም። ሰነዱ የውል አካል በሆነበት ቦታ ሁሉ እያንዳንዱ ፊርማ ለምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ ገልጻለች።

በስክረም ደግሞ ያው ትዕዛዝ የሁለት ሳምንቱ ስፕሪንት በተጀመረ በአምስተኛው ቀን መጣ እንበል አለች። መጀመሪያ የሚደርሰው ለፕሮዳክት ኦውነሩ ነው፤ በፕሮዳክት ባክሎግ ውስጥ የትኛው ተራ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነውም እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የስፕሪንቱ ግብ ይነካል ወይ የሚለው ነው። ግቡ ደንበኛው ከስልኩ ገንዘብ ማስተላለፍ እንዲችል ማድረግ ከሆነና የጣሪያው ለውጥ ትንሽ ከሆነ፣ ዴቨሎፐሮቹ ከፕሮዳክት ኦውነሩ ጋር ተነጋግረው አንዱን ሥራ አውጥተው ሌላውን ያስገባሉ፤ ግቡ ግን አይነካም፣ የጥራቱም ደረጃ አይወርድም። ስፕሪንት ባክሎጉን የሚያርሙት ዴቨሎፐሮቹ ናቸው፤ በማግስቱ በ15 ደቂቃው ዴይሊ ስክረም ላይ የቀሩትን ቀናት እንደገና ያቅዳሉ። ትዕዛዙ ግቡን ከናካቴው ዋጋ ቢስ የሚያደርገው ከሆነ ግን ስፕሪንቱን መሰረዝ የሚችለው ፕሮዳክት ኦውነሩ ብቻ ነው። ስክረም ማስተሩ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ውሳኔ አይወስንም። አንድ ኃላፊ ወደ ዴቨሎፐሩ ጠረጴዛ በቀጥታ ሄዶ «ይህን ዛሬ ጨርስልኝ» ቢል፣ ጥያቄው በየት በኩል መምጣት እንዳለበት ለኃላፊው የሚያስረዳው፣ ቡድኑም አሠራሩን እንዲጠብቅ የሚያግዘው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፦ «ስለዚህ ፕሮጀክት ማናጀሩ በማን ተተካ ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መጥራት አይቻልም፤ ሥራው ተከፋፍሏል፣ ከፊሉም ቀርቷል።»

በማግስቱ ማታ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በመምህራን ክፍል ባልደረባዬን አገኘኋቸው። ሻይ ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ ይህችን ወረቀት አንድ ጊዜ ደግመው ቢያዩልኝ።»

«አይቻታለሁ። ሰንጠረዥ የላትም። ስክረም ማስተር ከማን ጋር እንደሚነጻጸር እንኳን አልጻፈችም።»

«ጽፋለች፤ ከማንም ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም ነው ያለችው።»

ሻዩን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ፕሮጀክት ማናጀሩ የት ሄደ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሥራ ማን ይሠራዋል ነው የምትሉት?»

ያን ጊዜ ነገሩ የእርማት መመሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ለሰውየው ትልቅ አክብሮት ስላለኝ ክርክሩን በቃል መቀጠል አልፈለግሁም፤ ወረቀት አውጥቼ የአንድ ፕሮጀክት ማናጀር ሥራ ምን ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። የትኛው ሥራ ይቅደም ብሎ መወሰን፣ ሥራን ለየሰዉ ማከፋፈል፣ የየዕለቱን ሂደት መከታተል፣ ለበላይ ኃላፊዎች ሪፖርት ማቅረብ፣ መሰናክል ማስወገድ፣ በጀት፣ ውል። አንድ በአንድ ሄድንባቸው። ቅደም ተከተሉ የፕሮዳክት ኦውነሩ ነው። ሥራ ማከፋፈሉ ማንም ለዴቨሎፐሮቹ የማያደርግላቸው፣ ራሳቸው የሚይዙት ነው፤ የየዕለቱም ክትትል እንደዚያው። መሰናክሉ እንዲወገድ የሚያደርገው ስክረም ማስተሩ ነው። ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ለስፕሪንት ሪቪው ይለቃል፤ ባለጉዳዮቹ የተሠራውን ነገር ራሱን ያያሉ፣ ቀጥሎ ምን ይሠራ የሚለውንም አብረው ይመክራሉ።

እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «ሪቪው ማለት ርክክብ አይደለም እንዴ?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወሰድሁበት። የመረከቢያ ፍተሻ የሚደረገው ሥራው ሲያልቅ ሲሆን፣ ማመሳከሪያውም አስቀድሞ የተፈረመው ሰነድ ነው፤ መልሱ «እንረከባለን» ወይም «አንረከብም» ነው። የ2020 የስክረም መመሪያ ግን ሪቪው የተሠራውን ለተጠቃሚ ለመልቀቅ እንደ መተላለፊያ በር መታየት እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል፤ ኢንክሪመንት የሚባለው ተጠናቆ ለአገልግሎት የበቃ የሥራ ክፍል ስፕሪንቱ ከማለቁ በፊትም ሊለቀቅ ይችላል። አንድ ሥራ ተጠናቋል የሚባልበትን ልክ የሚያስቀምጠው ቡድኑ የተስማማበት የመጠናቀቅ መስፈርት እንጂ የሪቪው ስብሰባ አይደለም። ይኸው የ2020 እትም «ሚና» የሚለውን ቃል ትቶ «ተጠያቂነት» በሚለው ተክቶታል። ስለዚህ የእኔም ጥያቄ በአንድ ቃል ወደኋላ የቀረ ነበር፤ ይህንንም ያኔ ነገርኋቸው። ቃሉ የተቀየረው በከንቱ አይመስለኝም፤ ሚና ሲባል የሥራ መደብ ይታሰባል፣ መደብ ሲታሰብ ደግሞ ሰው ወዲያውኑ ከድሮው መዋቅር አቻ ይፈልጋል።

ከዝርዝሩ በጀትና ውል ቀሩ። እሳቸውም ወዲያው ጣታቸውን አሳረፉበት። «አየህ? ይህን ማን ይዞታል?»

እውነታቸውን ነበር። ፕሮዳክት ኦውነሩ ሥራው ለሚያስገኘው ዋጋ ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን ከሻጭ ጋር ውል የሚፈርመው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ የዓመቱን በጀት የሚያስፈቅደው ማን እንደሆነ የስክረም መመሪያ አይናገርም፤ ያንን ለድርጅቱ ይተወዋል። ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን አስቀድሞ በውል በታሰረበት ሥራ ላይ ፕሮጀክት ማናጀሩ ከስክረም ቡድኑ ጎን እንዳለ ይቀጥላል፤ በራሴም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ነው። ተማሪዋ ይህን አላነሣችም። 20 ያልሰጠኋትም ለዚህ ነው፤ የሰጠኋት 17 ነበር።

«እንግዲያውስ ከ6 ከፍ ያድርጉላት» አልኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጅቷ ሥራውን ታውቃለች» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሌሎቹን ሁሉ ያረምሁት በሰንጠረዡ ነው። የእሷን ብቻ በሌላ ሚዛን ብመዝን፣ መመሪያው ያለውን አምኖ የጻፈው ልጅ ምን አጠፋ?»

ለዚህ የሚበቃ መልስ አልነበረኝም። መመሪያው ላይ የእኔም ፊርማ ነበረበት። አማካዩ 11.5 ሆነና ተመዘገበ።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ተማሪዋ መጣች። ቅሬታ ታቀርባለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መምህር፣ ስህተቴ የቱ ላይ እንደሆነ ብቻ ያሳዩኝ» አለችኝ። ያጎደልሽው በጀትንና ውልን ነው አልኋት፤ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የቀረው 5.5 ነጥብ የጎደለው በእሷ ጥፋት እንዳልሆነም ነገርኋት። አመስግናኝ ሄደች፤ እኔ ግን ያን ማታ በፒያሳ በኩል በእግሬ ስወርድ የፈረምሁበት ሰንጠረዥ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሰንጠረዡን አስወገድንና ጥያቄውን እሷ በሄደችበት መንገድ ቀየርሁት። ስፕሪንቱ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ አንድ ለውጥ ይሰጣል፤ በሁለቱም አሠራሮች ማን እንደሚሰማው፣ ማን እንደሚወስን፣ የትኛው ሰነድ ወይም አርቲፋክት እንደሚታረም፣ የማን ሥራ አቻ እንደሌለውም ይጠየቃል። ቃሉንም «ሚናዎች» ከማለት ወደ «ተጠያቂነቶች» አስተካከልሁት።

ከ38 ወረቀቶች በ14ቱ ላይ ያው አሮጌ ሰንጠረዥ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ረድፎቹም በዚያው ቅደም ተከተል ነበሩ። ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለፉትን ዓመታት መልሶች አባዝቶ እንደሚሸጥ የሰማሁት በኋላ ነው። ወረቀቶቹ ወደ እኔ ሲመጡ እንደ ልማዱ በባልደረባዬ እጅ አልፈው ነበር። ስክረም ማስተር ከፕሮጀክት ማናጀር ጋር አንድ ነው በሚለው ረድፍ ጎን፣ በ14ቱም ላይ፣ በዚያው በማውቀው ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለውጡን የሚወስነው ማነው? አልመለስክም።»