የለቀቁ ሠራተኞች ያሉትን ለማኔጅመንት ማቅረብ፣ ማን እንዳለው ሳይታወቅ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሁለት መቶ ገደማ ሠራተኛ አለን። ሰው ሲለቅ የሚያስገባው ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ “በግል ጉዳይ ምክንያት”፣ “ትምህርቴን ለመቀጠል”፣ ቢበዛ “የተሻለ ዕድል ስላገኘሁ”። ዋና ሥራ አስኪያጃችን “ሰዎቹ ለምንድን ነው የሚሄዱት?” ብለው ሲጠይቁኝ ከነዚህ ደብዳቤዎች ያለፈ መልስ አልነበረኝም። የስንብት ቃለ መጠይቁን እንደ አዲስ ያዘጋጀሁት ያኔ ነው።

ጥያቄ ከመጻፌ በፊት የቀየርኩት ሰዓቱን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። እነዚያ 30 ቀናት እኛ ጋ በክሊራንስ ያልቃሉ። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ የቅርብ አለቃ ይፈርማል፣ መጨረሻ ላይ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይወጣል። ድሮ ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በዚህ ሩጫ መሀል ነበር። አለቃው ያልፈረመለት ሰው ስለ አለቃው ምን ይላል? “ሁሉም ጥሩ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን” ይላል። አሠሪ የሥራ ልምድ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ሕጉ ቢደነግግም፣ ደብዳቤውን በእጁ ሳይዝ ሕጉን የሚተማመን ሠራተኛ ብዙ አላየሁም። አሁን የማነጋግረው ደብዳቤውን ከወሰደና የመጨረሻ ክፍያው ከገባለት በኋላ ነው። ክፍያው በሕጉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት ጥበቃው አይረዝምም። ቢሮ አልጠራውም፤ ወይ በስልክ ነው፣ ወይ የእኛ ሠራተኞች ምሳ የማይበሉበት ሰፈር ቡና እየጠጣን። እንቢ የሚል ይኖራል፣ አልጫንም።

ቀጥሎ የምሰጠውን ቃል አስተካከልኩ። “የሚነግሩኝ ሁሉ በምስጢር ይያዛል” ማለት አቆምኩ፤ እውነት አይደለምና። በምትኩ እንዲህ እላለሁ፦ “ስምዎም ንግግርዎም እንዳለ አይቀርብም። ማስታወሻውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ከሌሎች ጋር የሚመሳሰለው ነገር ተጠቃሎ ይቀርባል። ግን ጾታዊ ትንኮሳ፣ ስርቆት ወይም የሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያደርስ ነገር ከነገሩኝ ዝም ማለት አልችልም፤ በዚያ ጉዳይ ምን እንደማደርግ አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።” ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ይኖራል ብዬ ነበር። ገደቡን በግልጽ መስማት ግን ሰውን ይበልጥ የሚያናግር ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄዎቹ ላይ ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። እንጀራ የበላበትን ቤት የሚያማ ሰው “ወጪት ሰባሪ” ይባላል፤ ማንም ያንን ስም ይዞ መውጣት አይፈልግም። ስለዚህ “ከአለቃዎ ጋር ግንኙነትዎ እንዴት ነበር?” የሚለውን ጥያቄ አወጣሁት። ሰውን እንዲመዝን ይጋብዛል፣ መልሱም ሁልጊዜ “ደህና” ነው። የተካው “ሌላ ሥራ ማየት የጀመሩት መቼ አካባቢ ነው? በዚያን ሰሞን ሥራ ላይ ምን ነበር?” የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ፍርድ ሳይሆን ታሪክ ነው የሚጠይቀው። ሰው ታሪክ ሲያወራ ይሉኝታው ይላላል፣ ምክንያቱንም ሳያስበው ይነግራል።

ሁለተኛው የምወደው ጥያቄ ስለ ተተኪው ነው፦ “በእርስዎ ቦታ የሚመጣው ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲቀሉት ምን ይመክሩታል?” ምክር መስጠት ሐሜት አይደለም። “ፈቃድ ሲፈልግ ቀድሞ በቃል ያስፈቅድ፣ ቅጹን ብቻ ከሞላ ይረሳል” ዓይነት መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ስለ ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ከሁሉ የሚቀል ሽፋን ስለሆነ በቀጥታ አልጠይቅም። “አዲሱ ቦታ የሚከፍለው ከእኛ ጋር እኩል ቢሆን ይሄዱ ነበር?” እላለሁ። “አይ፣ እቆይ ነበር” ካለ ጉዳዩ በእርግጥ ብር ነው። ትንሽ አሰብ አድርጎ “መሄዴስ አይቀርም ነበር” ካለ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። በተረፈ ሁለት ሦስት ቀላል ጥያቄዎች አሉ። ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እጠይቃለሁ፤ ያለዚያ የአንዱን መልስ ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ማስታወሻው ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩን ከስሙ የሚያገናኘው ወረቀት ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ሪፖርቱ ሲያልቅ ይቀደዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን የማደርገው በራሴ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ሁለት ነገር ለይቼ እመዘግባለሁ፤ በደብዳቤው የተጻፈው ምክንያት፣ እና ሥራ መፈለግ ያስጀመረው ነገር። ሁለቱ እምብዛም አይገናኙም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በአንድ የበጀት ዓመት ካነጋገርኳቸው 19 ሰዎች 7ቱ ከመጋዘን፣ 6ቱ ከሽያጭ፣ 3ቱ ከግዥ፣ 2ቱ ከፋይናንስ፣ 1 ሰው ከአይቲ ነበሩ። የዓመት ፈቃድ ጉዳይ በ9ኙ ማስታወሻ ላይ ተነስቷል። ሰዎቹ እንደነገሩኝ፣ ጥያቄው ቀርቦ “አይቻልም” አይባልም፣ “ይቻላል”ም አይባልም፤ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። አንዳንዱ ሠርግ አምልጦታል፣ አንዳንዱ የታመመ ወላጅ ሳይጠይቅ ቀርቷል።

ቀላሉ ነገር ክፍሎቹን በረድፍ፣ ጉዳዮቹን በዓምድ አድርጎ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። አልሠራሁም። ከፋይናንስ የለቀቁት ሁለት ብቻ ስለሆኑ “ፋይናንስ፦ 1” የሚል ሳጥን ሥራ አስኪያጁን በሁለት ሰዎች መሀል ያቆማቸዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ዝምተኛ ከሆነ ደግሞ አለቀ። የፋይናንስን ሳጥን ብቻ ባዶ ማድረግም አይበቃም። ጠቅላላው 9 ተብሎ የሌሎቹ ቁጥር ከተጻፈ፣ የተደበቀውን ማንም ቀንሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ግዥን፣ ፋይናንስንና አይቲን “የቢሮ ሥራ” በሚል አንድ ላይ አደረግኳቸው፣ ከ5 ሰው በታች ያለበትን ቡድን ለብቻው ላለመጥቀስ ወሰንኩ። ጉዳዮቹን ደግሞ በቡድን ጭራሽ አልከፋፈልኩም። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ አለ፤ “ከመጋዘን የለቀቁት በሙሉ ይህን አንስተዋል” ከተባለ ሰባት ሰው መሆናቸው ማንንም አይሸፍንም። “በሙሉ” የሚለው ቃል እያንዳንዳቸውን ያጋልጣል።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን በየወሩ ፈልገውት ነበር። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ የሰኔው ሪፖርት ላይ 18 ሰው፣ የሐምሌው ላይ 19 ሰው ካለ፣ በሐምሌ የለቀቀውም አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ በሁለቱ መሀል የተጨመረው ሁሉ የእሱ ንግግር ነው። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዱ ሪፖርት የሌላውን ሰዎች አይደግምም። በግማሽ ዓመቱ ያነጋገርኳቸው ከ5 ካነሱ አይወጣም፣ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል።

ቃል በቃል ጥቅስ አላስገባም። ማኔጅመንት ጥቅስ ይወዳል፣ ሪፖርቱንም ሕይወት ይሰጠዋል፤ ግን እኛ ቤት ሰው በአነጋገሩ ይታወቃል። የሚወደው ተረት፣ የገጠር ቅላጼው፣ በየመሀሉ የሚያስገባው እንግሊዝኛ ስም ከመጻፍ አይተናነስም። “ብላለች” እና “ብሏል” ራሱ ግማሹን ሰው ያስወጣል። ስለዚህ “ሠርግ” እና “የታመመ ወላጅ” የሚሉት ሪፖርቱ ላይ “የታወቀ ቀን ያላቸውና ድንገተኛ የቤተሰብ ጉዳዮች” ሆኑ። ደርቋል፣ አውቃለሁ።

የደረቀውን ሪፖርት ያዳነው ከሰው አፍ ያልወጣ ማስረጃ ነው፤ ከሥራው ሁሉ ይህን ክፍል ነው አብዝቼ የምመክረው። ቃለ መጠይቆቹ ፈቃድ ላይ ሲያመለክቱኝ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጾችን ፋይል ከፈትኩ። ፋይሉ የለቀቁትን ብቻ ሳይሆን የሁለት መቶውንም ሠራተኛ ቅጽ ነው የያዘው። ቅጹ የተሞላበትና ውሳኔ የተጻፈበት ቀን እዚያው አለ። ብዙዎቹ ላይ የውሳኔው ቦታ ባዶ ነበር፣ ባዶዎቹም በአንድ ክፍል ብቻ የታጠሩ አልነበሩም። ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ከለቀቁት ግማሽ ያህሉ የፈቃድ አሰጣጥን አንስተዋል፤ ፋይሉም ቅጹ መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ እንደሌለው ያሳያል። የመጀመሪያው ዓመት የፈቃድ መብት 16 የሥራ ቀናት እንደሆነ፣ ቀኑ ሳይወሰድ ሲጠራቀምም ድርጅቱ ላይ ዕዳ እንደሚሆን አከልኩበት። ክርክሩ ከ“ማን ነው ያለው?” ወደ “ቅጹን ማን ያያል?” ዞረ። የክፍል ኃላፊዎችም በስም አልተነሱም፤ እነሱም ሰዎች ናቸው፣ የመልስ የጊዜ ገደብ የሌለው ቅጽ ያወጣነውም እኛው ነን።

ከመላኩ በፊት ረቂቁን ቃለ መጠይቅ ላልሰማች የክፍላችን ባልደረባ ሰጠኋት፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን የጠረጠረችውን ሰው ስም በእርሳስ እንድትጽፍ። ሁለት ቦታ በትክክል ገመተች። አንዱ “በቅርቡ የተጀመረው የምሽት ፈረቃ” የሚል ነበር፤ በዚያ ፈረቃ የሠራና የለቀቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ወጡ።

አንድ ሰው ብቻ ያነሳው ነገር ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም፤ አንድ ጉዳይ እንዲጻፍ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ ቢያንስ ከሁለት ክፍል ሊያነሳው ይገባል። ይህ ያስከፍላል። ከአይቲ የለቀቀው ሰው የነገረኝ ጠቃሚ ነገር እዚያው ማስታወሻው ላይ ቀርቷል። ደውዬ “በሌላ መንገድ ባነሳው ይፈቅዳሉ?” ብዬ ጠየቅኩ፣ “ይቅር” ተባልኩ፣ ቀረ።

ሪፖርቱ በቀረበ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው በኋላ አስቀርተው “ለእኔ ብቻ ንገረኝ፣ ከፋይናንስ ማን ነው?” አሉኝ። ሥራውን ስንጀምር የተፈራረምናት አንድ ገጽ ወረቀት ነበረች፤ ጥሬ ማስታወሻ እንደማይጠየቅ፣ ስምም እንደማይጠየቅ ይላል። ይዤው ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አነበቡት፣ ሳቅ አሉና ስለ ቅጹ ማውራት ጀመርን። አሁን ቅጹ የመልስ የጊዜ ገደብ አለው፤ የውሳኔው ቦታ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሞላ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል።