ስብሰባ ሲግል ሰብሳቢ ምን ይበል?

ዛሬ በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ወርሃዊ መዋጮው ከ100 ወደ 150 ብር ይደግ የሚለው አጀንዳ ሲነሳ ቤቱ ጋለ። አንድ አባት «ገንዘባችን ተበልቷል!» አሉ፤ ገንዘብ ያዡም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

እንዲህ ባለ ሰዓት «ተረጋጉ» ማለት ነገሩን ያባብሳል፤ ተናጋሪው ጥፋተኛ የተባለ ይመስለዋልና። የሚሻለው ክሱን ወደ ጥያቄ መመለስ ነው፦ «ጋሼ፣ የገቢና ወጪው ዝርዝር ለአባላት ይቅረብ ነው የሚሉት? በትክክል ተረድቻለሁ?» ሰብሳቢው በዚህ አነጋገር ገንዘቡ ተበላም አልተበላምም አላለም። ሰውየው ያንኑ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከደገሙት፣ ሰብሳቢው ያስቀረው ነገር አለ ማለት ነው፤ «የዘለልኩት ካለ ይጨምሩልኝ» ይበላቸው።

ቀጥሎ ለገንዘብ ያዡ፦ «ለእርስዎም እኩል 3 ደቂቃ አለዎት። እባክዎ ለመድረኩ ይናገሩ።» ሁለቱ ፊት ለፊት መመላለሳቸው ሲቀር ጠቡ ይበርዳል። ሰዓቱ ግን ለሁለቱም በእውነት መያዝ አለበት።

ብዙ ሰብሳቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለማባበል ብሎ «እውነትዎን ነው» ይላል። ያኔ ሌላው ወገን ሰብሳቢውን አጣ። «ሰምተናል፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» ይበቃል።

ከዚያ ወደ አጀንዳው መመለሻው ለቤቱ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፦ «መዋጮው ላይ ድምፅ የምንሰጠው ዛሬ ይሁን ወይስ ዝርዝሩ ከቀረበ በኋላ?» ሰብሳቢው ራሱ ወጪውን የፈረመ ከሆነ ግን የትኛውም ቃል አያድነውም፤ «ይህን አጀንዳ ምክትሌ ይምሩ» ብሎ ወንበሩን ይልቀቅ።