ለእህቴ ሰርግ ዱባይ ላይ ሀብል ስገዛ የሶስት ወርቅ ቤት ዋጋ እንዴት እንዳወዳደርኩ

መጀመሪያ የጉትቻዬን ነገር ልንገራችሁ፣ ሂሳቡን ያስተማረኝ እሱ ነውና። ዱባይ በገባሁ በሁለተኛው አመት ነጫጭ ድንጋይ ያለበት ባለ 21 ካራት ጉትቻ ገዝቼ ነበር፣ ደረሰኙ ላይ 9.60 ግራም ይላል። በኋላ ገንዘብ ሲቸግረኝ ልሸጠው ሌላ ወርቅ ቤት ወሰድኩት፣ ሰውየው ሚዛን ላይ አድርጎ አየውና ምንም ሳይለኝ ፒንሳ አውጥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው፣ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጎም ለኔ መለሰልኝ። ወርቁን ብቻውን ሲመዝነው 8.05 ግራም ሆነ። ስገዛ እኮ 1.55 ግራሙን ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ነው የከፈልኩት፣ የእጅ ዋጋውም ሳይቀር በ9.60 ነበር የተሰላው። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

ስለዚ በ2023 መጨረሻ የእህቴ ሰርግ ሲደርስና እማዬ «ልጄ፣ ለእህትሽ ደህና ሀብል ይዘሽላት ነይ» ስትለኝ በስሜት ላለመግዛት ወሰንኩ። ዴራ ጎልድ ሱቅ ወደሚባለው የዱባይ የወርቅ ገበያ ሄድኩና በአንድ ምሽት ሶስት ቤት ጠየቅኩ። በአንድ ምሽት ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፣ የወርቁ ዋጋ በቀን ውስጥም ስለሚቀያየር ዛሬ የጠየቃችሁትን ከነገ ወዲያው ጋር ብታወዳድሩ የትኛው ቤት እንደረከሰ ሳይሆን ወርቁ ራሱ እንደወጣ ወይ እንደወረደ ነው የምታዩት።

የቀኑ ዋጋ በየቤቱ ስክሪን ላይ ተለጥፏል፣ ያን ቀን ባለ 24 ካራት አንዱ ግራም 250 ድርሃም፣ ባለ 21 ደግሞ 224 ነበር። ይሄ የጥሬ ወርቁ ነው። በሱ ላይ የእጅ ዋጋ ይጨመራል፣ እዛ ሜኪንግ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በግራም ይሰላል። ከዛ በጠቅላላው ላይ 5 ፐርሰንት ቫት አለ። ለጉብኝት የመጣ ሰው ሲወጣ አብዛኛውን ቫት ማስመለስ ይችላል፣ እንደኛ እዛው ነዋሪ ለሆነ ግን አይመለስም፣ ስለዚ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት። በስክሪኑ ዋጋ አትከራከሩ፣ የሚከራከሩት በሜኪንጉ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ድንጋይ የሌለበት ባለ 21 ሀብል ከነመስቀሉ 18.40 ግራም መዘነልኝ፣ ሜኪንጉን በግራም 12 ድርሃም አለኝ። 224 ሲደመር 12፣ 236፣ በ18.40 ሲባዛ 4342.40፣ ከነቫቱ ወደ 4560 ድርሃም። ሁለተኛው ቤት ስገባ ልጁ «ሜኪንግ 5 ድርሃም ብቻ እህቴ፣ ከዚህ የሚረክስ አታገኚም» አለኝ፣ እውነትም 5 ከ12 ያንሳል። ሀብሉ ባለ 21 ነው፣ 19.10 ግራም፣ ከነቫቱ 4593 ገደማ ይመጣል። ግራሙ በዛ፣ ሜኪንጉ ቀነሰ፣ ብሩ ተቀራራቢ ነው፣ ድሮ ቢሆን ዘልዬ እገዛው ነበር። ግን ጉትቻዬ ትዝ አለኝና «ድንጋዩ ስንት ይመዝናል?» ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ትንሽ ነገር ነው» አለኝ፣ ደግሜ ስጠይቀው ኮምፒውተሩን አየና 1.30 ግራም አለኝ። ስለዚ ወርቁ 17.80 ነው። ሶስተኛው ቤት ደግሞ ጭራሽ ሜኪንግ የለም አለኝ፣ ባለ 18 ካራት፣ 16.90 ግራም፣ ቁርጥ ዋጋ ከነቫቱ 3900። ሜኪንግ የለም ማለት ግን እጅ በነፃ ማለት አይደለም፣ ቁርጡ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል።

አሁን አንዱ ባለ 18፣ አንዱ ባለ ድንጋይ፣ አንዱ ሜኪንጉ ውድ፣ እነዚህን እንዴት ነው የምታወዳድሩት? እኔ ያደረግኩት ሁሉንም ወደ ንፁህ ወርቅ መመለስ ነው። ባለ 21 ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፣ 0.875፣ ማህተሙም ለዛ ነው 875 የሚለው። ባለ 18 ደግሞ 0.75 ነው፣ ማህተሙ 750። ድንጋዩ ተቀንሶ የቀረውን ግራም በዚህ ቁጥር ታባዙና ከኪሳችሁ የሚወጣውን ጠቅላላ ብር ለሱ ታካፍላላችሁ፣ በቃ ይሄው ነው።

ስልኬ ላይ የፃፍኩት ይሄን ይመስላል፦

```
1ኛ  18.40 × 0.875 = 16.10   4560 ÷ 16.10 = 283
2ኛ  17.80 × 0.875 = 15.58   4593 ÷ 15.58 = 295
3ኛ  16.90 × 0.75  = 12.68   3900 ÷ 12.68 = 308
```

ሜኪንጉ ከሁሉም ውድ የመሰለኝ ቤት ረከሰ፣ ሜኪንግ የለም ያለኝ ደግሞ ከሁሉም ተወደደ። ንፁህ ወርቁ ያን ቀን 250 ስለነበር የመጀመሪያው ቤት በያንዳንዷ ንፁህ ግራም ላይ 33 ድርሃም ነው የጨመረብኝ፣ ሶስተኛው 58። ጠቅላላ ብሩን ብቻ ብታዩ እኮ 3900 ከሁሉም ያንሳል፣ ብዙ ሰውም እዛ ላይ ነው የሚሳሳተው።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ሜኪንጉን በፐርሰንት ይነግራችኋል፣ 8 ፐርሰንት ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ በ224 ስታሰሉት ግን በግራም ወደ 18 ድርሃም ነው። ወደ ድርሃም ሳትቀይሩ እሺ እንዳትሉ።

ይሄ ሂሳብ ግን ለሁሉም ነገር አይሰራም። አልማዝ ላለበት ወርቅ አይሆንም፣ የድንጋዩ ዋጋ ራሱን የቻለ ነው። ሰው የሚለፋበት የእጅ ስራም ሜኪንጉ ቢወደድ ተገቢ ነው፣ ዕድሜ ልክ ሊለበስ ከሆነ ውበቱን መክፈል ምንም ችግር የለውም። ግን ስትሸጡት የእጅ ዋጋው እንደማይመለስ አውቃችሁ ክፈሉ። እህቴ ደግሞ ክፉ ቀን ቢመጣባት ይሄን ሀብል ሸጣ እንድታልፈው ስለምፈልግ እኔ ወርቁን ነው ያየሁት።

ወደ መጀመሪያው ቤት ተመለስኩና በግራም 9 ካደረከው አሁኑኑ እከፍላለሁ አልኩት፣ ትንሽ ተከራከርንና እሺ አለ። 4501 ድርሃም ከ56 ፊልስ ሆነ፣ ንፁህ ግራሙ 280 ገደማ። ከመክፈሌ በፊት ግን ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ እንደሚል አይቼ፣ በክር የታሰረችውን የዋጋ ወረቀት አስፈትቼ እንደገና አስመዘንኩት፣ 18.40 ልክ ነው። ማህተሙን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ መቆለፊያው ላይም መስቀሉ ላይም ለየብቻ ፈለግኩት፣ ሀብሉና መስቀሉ ካራታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላልና። ሁለቱም 875 ነበሩ። ማህተም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ የወርቅ መመርመሪያ ማሽን እዛው ስለነበራቸው አስገብቶ እንዲያሳየኝም ጠየቅኩት፣ ሳያንገራግር አሳየኝ።

ደረሰኙ ላይ ግራሙን፣ ካራቱን፣ የቀኑን ዋጋና ሜኪንጉን ለየብቻ አስፃፍኩት፣ የድንጋይ ክብደት በሚለው ቦታ ላይም ዜሮ አስሞላሁት። ልጁ ባዶውን ሊተወው ነበር፣ «አይ ወንድሜ፣ ፃፍልኝ» አልኩት። ሀብሉን ለእህቴ ስሰጣት ደረሰኙንም አብሬ ሰጠኋት፣ ፎቶውን ደግሞ ለእማዬ ላኩላት።