ይቅርታ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ጥላ ሥር ያቆምኳት መኪና ላይ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ። ጣሪያዋ ገባ፣ የፊት መስታወቷ ረገፈ። እኔ ቤት ውስጥ ምሳ ላይ ነበርኩ። ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ ስላለኝ ብዙም አልደነገጥኩም። የፖሊስ ማስረጃ አወጣሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፎርም ሞላሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። መንጃ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ 19 ቀን ሆኖት ስለነበር፣ «በፖሊሲው የመንጃ ፈቃድ አንቀጽ መሠረት» ካሳ አይከፈልም ይላል።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንቀጹን ሳላነብ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው «አቦ፣ ይቅርታ ብለህ ጻፍ፣ ያዩልሃል» አለኝ። ጻፍኩ። ፈቃዱን ያላሳደስኩት በሥራ ብዛት እንደሆነ፣ በዚያው ጠዋትም መኪናዋን ራሴ ነድቼ እንዳቆምኳት አንድ ገጽ ሙሉ ዘረዘርኩ። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፦ «በራስዎ ደብዳቤ እንዳመኑት…»። ያልተጠየቅኩትን በፊርማዬ ሰጠኋቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያን ቀን ማታ ነው ውሉን ሙሉውን ያነበብኩት። አንቀጹ የሚለው እንዲህ ነው፦ ተሽከርካሪው የጸና መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው «በሚነዳበት ጊዜ» ለሚደርስ ጉዳት ካሳ አይከፈልም። በሚነዳበት ጊዜ! የውድቅ ደብዳቤው ግን ይህን ቃል ዘሎ የአንቀጹን ርዕስ ብቻ ነበር የጠቀሰው።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ግማሽ ገጽ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ፈቃዴ ጊዜው ማለፉን አልካድኩም፤ መካድ የያዝኩትን ነጥብ ያበላሽብኛል። አንቀጹን ቃል በቃል ገለበጥኩ። ከሥሩ ከፖሊስ ማስረጃው «ቆሞ በነበረ ተሽከርካሪ ላይ» የሚለውን አስቀመጥኩ። ጠዋት መንዳቴን በተመለከተ፣ ጉዞው ያለ ጉዳት አልቆ መኪናዋ ከቆመች ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅርንጫፉ መውደቁን ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ ቅርንጫፉ ሲወድቅ መኪናዋን ማን ይነዳ ነበር? መልሱን በጽሑፍ ጠየቅኩ። አንድ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንደሚተረጎም የሚደነግገውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738ንም በመጨረሻ ጠቀስኩ። ዋናው ክርክሬ ግን ቃሉ ግልጽ ነው የሚል ነበር።

መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቅጂዬ ላይ ማኅተም አስመታሁ። «መጥተው ያነጋግሩን» ብለው ሲደውሉ አልሄድኩም። አፍ ለአፍ የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።

በእርግጥ ቅርንጫፉ እየነዳሁ ሳለ ወድቆብኝ ቢሆን ይህ ክርክር አይሠራም ነበር።

ከወር በኋላ «ጉዳዩ በድጋሚ ታይቶ» የሚል ደብዳቤ መጣ። በውሉ ላይ ያለው የራሴ ድርሻ ተቀንሶ ቀሪው ተከፈለኝ። ስለ አንቀጹ አንድም ቃል አላነሱም።